ሁለት ፈተና በአንድ ሰዓት፦ የአንዲት የጅማ ተማሪ ጉዳይ

ጉዳዩ ጅማ ውስጥ አካውንቲንግ የምትማር የአንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ጊዜው የ2017 ዓ.ም ሁለተኛ ሴሚስተር ማብቂያ ነው። እኔ እዚያው አስተምራለሁ። የፈተና ፕሮግራም በወጣ ቁጥር «ተጋጨብኝ» የሚል ተማሪ በሬን ያንኳኳል። ከብዙዎቹ የእሷን ጉዳይ የመረጥኩት በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ተቃራኒ ነገር ስለታየበት ነው። ተጋጨ ብላ የመጣችበት ፈተና አልተጋጨም። ችግር የለውም ብላ ያለፈችው ሌላው ግን ተጋጭቷል።

ተማሪዋ በዚያ ሴሚስተር ከባቿ ጋር ኦዲቲንግ፣ ታክስ፣ ሪሰርች ሜቶድና ቢዝነስ ሎው ትወስዳለች። ከዚህ ሌላ ስታቲስቲክስ አለባት። ስታቲስቲክስ የሁለተኛ ዓመት ኮርስ ነው። ባለፈው ዓመት ኤፍ ስለመጣባት ዘንድሮ ከታናናሾቿ ጋር ትደግመዋለች። በአድ ኤንድ ድሮፕ ጊዜ በደንብ አስመዝግባዋለች፤ የምዝገባ ስሊፗ ላይ አለ። ይህ ነገር ኋላ ላይ በጣም ጠቅሟታል።

የፈተና ፕሮግራሙ ረቂቅ ዓርብ ግንቦት 22 ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። አስተያየት ያለው እስከ ረቡዕ ግንቦት 27 ያቅርብ ተባለ። ፈተናው የሚጀምረው ሰኞ ሰኔ 2 ነው። በመሀል ዓርብ ግንቦት 29 አረፋ ስለነበር ቢሮ ዝግ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ማስተካከል የፈለገ ሰው እጁ ላይ ያለው ጊዜ ሲታይ ከሚመስለው ያነሰ ነበር።

የተለቀቀው ፋይል አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው የዲፓርትመንቱ የራሱ ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው የሰርቪስ ኮርሶች ፕሮግራም ነው፤ ማለትም ሌላ ዲፓርትመንት መጥቶ የሚያስተምራቸው ኮርሶች። ስታቲስቲክስን የሚሰጡት የስታቲስቲክስ መምህራን ናቸው፤ ቢዝነስ ሎውን የሕግ መምህራን። ፈተናቸውን የሚያወጣውም ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ሰው ነው። ለተማሪዋ የሚመለከቷትን ረድፎችና ከጎናቸው ያሉትን ላስቀምጥ፦

```
የዲፓርትመንቱ ፕሮግራም
ሰኞ   02/10/2017  2:30–5:30   ኢንተርሚዲየት   2ኛ ዓመት
ሰኞ   02/10/2017  8:30–11:30  ኦዲቲንግ      3ኛ ዓመት
ሐሙስ  05/10/2017  2:30–5:30   ታክስ        3ኛ ዓመት
ዓርብ  06/10/2017  2:30–5:30   ሪሰርች ሜቶድ   3ኛ ዓመት

የሰርቪስ ኮርሶች ፕሮግራም
ሰኞ   09/06/2025  8:30–11:30  ቢዝነስ ሎው    አካውንቲንግ 3ኛ
ሰኞ   09/06/2025  2:30–5:30   ኢኮኖሚክስ    ማኔጅመንት 1ኛ
ሐሙስ  12/06/2025  8:30–11:30  ስታቲስቲክስ   አካውንቲንግ 2ኛ
ሐሙስ  12/06/2025  2:30–5:30   ስታቲስቲክስ   ማኔጅመንት 2ኛ
```

እሷ ያነበበችው እንዲህ ነው። ሰኞ ኦዲቲንግ 8:30፣ ቢዝነስ ሎውም 8:30። ተጋጨ። ሐሙስ ታክስ 2:30፣ ስታቲስቲክስ 8:30። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት፤ ሰላም ነው። ወዲያው ወደ ዲፓርትመንት ሮጠች። እዚያ የነበረው ሰው ወረቀቱን ገልጦ አየና «ግጭት የለም፣ እህቴ፤ ደግመሽ አንቢው» አላት። ስለ ሰኞው እውነቱን ነው። ስለ ሐሙሱ ግን አልጠየቀችም፤ እሱም አላየም። እንዲህ ያለ መልስ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው «የለም ተባልኩ» ብሎ ተረጋግቶ ወደ ጥናቱ ይመለሳል።

እሷ ግን ልቧ ስላልረጋ ሰኞ ግንቦት 25 ከሰዓት ስልኳን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። «ቲቸር፣ የለም ይሉኛል፤ ግን ይኸው ሁለቱም 8:30 ይላል» አለችኝ። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍተን ከቀኑ ጀመርን።

ቀኑ ቀላሉ ክፍል ነው። የዲፓርትመንቱ ወረቀት 02/10/2017 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2 ማለት ነው። የሰርቪሱ ወረቀት 09/06/2025 ይላል፤ በፈረንጆች ጁን 9። ሰኔ 1 ሁልጊዜ ጁን 8 ላይ ይውላል። ስለዚህ በሰኔ ቀኑ ላይ 7 ሲደመር የጁኑ ቀን ይመጣል፤ ሰኔ 2 ጁን 9፣ ሰኔ 5 ጁን 12። ይህ እስከ ሰኔ 23 ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ጁላይ ይገባል። ለግንቦት የሚደመረው 8 ነው። የአንደኛው ሴሚስተር ፈተና በሚውልበት በጥር ግን ትንሽ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ጥር 1 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 9 ቢሆንም ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት ጃንዋሪ 10 ይሆናል። ዓመቱ ያልተጻፈበት ወረቀት ከመጣ ደግሞ የዕለቱን ስም ማየት ነው። «09/06» ብቻ ቢል ጁን 9ም የካቲት 9ም ሊሆን ይችላል። «ሰኞ» የሚል ከጎኑ ካለ ካላንደር ገልጦ ሰኞ የሚውለው የትኛው እንደሆነ ማየት ይቻላል። የእሷ ወረቀቶች ላይ ቀንና ዕለቱ ተስማምተዋል። ሁለቱም ወረቀት ስለ አንድ ሰኞና ስለ አንድ ሐሙስ ነው የሚያወሩት።

ከባዱ ሰዓቱ ነው። የእኛ ሰዓትና የፈረንጆቹ በ6 ሰዓት እንደሚለያዩ ሁላችንም እናውቃለን። ጠዋት 2:30 የምንለውን እነሱ 8:30 ይሉታል። ከሰዓት 8:30 የምንለውን ደግሞ 2:30 ይሉታል። አሁን የፈተናውን ክፍለ ጊዜዎች ልብ በሉ። ጠዋት 2:30 የሚጀምር አለ፣ ከሰዓት 8:30 የሚጀምር አለ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ልክ 6 ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት ሁለቱ አቆጣጠሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ይጽፋሉ፤ ቦታ ብቻ ይለዋወጣሉ። በአገር ሰዓት የተጻፈ ወረቀት 2:30–5:30 እና 8:30–11:30 አለበት። በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈውም 8:30–11:30 እና 2:30–5:30 አለበት። ቁጥሮቹን ብቻ አይቶ የትኛው በየትኛው ሰዓት እንደተጻፈ መለየት አይቻልም። ፈተናው ጠዋት 3:00 እና ከሰዓት 8:00 ቢሆን ኖሮ ግን የፈረንጁ ወረቀት 9:00 እና 2:00 ስለሚል ልዩነቱ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። እንዲህ የሚያምታታው እንደ 2:30 እና 8:30 በሁለቱ መነሻ ሰዓቶች መካከል ልክ 6 ሰዓት ሲኖር ነው። ችግሩ ደግሞ ብዙ ቦታ ፈተና የሚሰጠው በእነዚሁ ሰዓቶች መሆኑ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? ወረቀቱ ላይ ኤኤም፣ ፒኤም ወይም «በአገር ሰዓት» የሚል ካለ ነገሩ አለቀ። 14:30 የሚል ካለም አለቀ። የእሷ ወረቀቶች ላይ ግን ከእነዚህ አንዱም አልተጻፈም። ስለዚህ ያየነው የረድፎቹን ቅደም ተከተል ነው። ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው የአንድን ቀን ፈተናዎች ከጠዋት ወደ ከሰዓት ነው የሚደረድረው። የዲፓርትመንቱ ወረቀት ላይ ሰኞ ሥር መጀመሪያ 2:30 አለ፤ ከሥሩ 8:30። ከላይ ያለው ጠዋት ከሆነ ወረቀቱ በአገር ሰዓት ነው የተጻፈው። የሰርቪሱ ወረቀት ላይ ግን ሰኞም ሐሙስም መጀመሪያ 8:30 ነው፤ ከሥሩ 2:30። ይህ በፈረንጅ ሰዓት ነው። አንድ ቀን ብቻ አይቶ መወሰን ግን ጥሩ አይደለም። ረቂቅ ወረቀት ላይ አንድ ረድፍ ዘግይቶ ተጨምሮ ከቦታው ውጭ ሊገኝ ይችላል። እኛ የሁለቱንም ወረቀት ሁሉንም ቀናት አየን፤ ቅደም ተከተሉ የትም አልተዛባም።

እዚህ ላይ የኤክስቴንሽን ተማሪዎችን ላንሳ። ለእናንተ 2:30 ሦስተኛ ትርጉምም ሊኖረው ይችላል፤ ምሽት 2:30። በአንድ ወረቀት ላይ የቀንም የማታም ተማሪዎች ፈተና ከተቀላቀለ ቅደም ተከተሉ ብቻ አይበቃም። የባቹን ዓምድ ማየትና ፕሮግራሙን ያወጣውን ሰው መጠየቅ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ከቁጥር ጋር ግንኙነት የለውም። እኔ ይበልጥ የማምነው እሱን ነው። «ይህ ግጭት እውነት ቢሆን ስንት ሰው ይጮህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ኦዲቲንግና ቢዝነስ ሎውን የሚወስደው ሦስተኛ ዓመት በሙሉ ነው። በእርግጥ ቢጋጩ ኖሮ ዓርብ ማታውኑ ቴሌግራሙ ይናጥ ነበር፤ የክፍል ተወካዩም ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ በር ላይ ይገኝ ነበር። ማንም ምንም አላለም። ሙሉ ባች የሚነካ ግጭት ሲታየን አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው ንባባችን ነው። ታክስና ስታቲስቲክስ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ታክስ የሦስተኛ ዓመት ነው፣ ስታቲስቲክስ የሁለተኛ ዓመት። ሁለቱንም የሚወስዱት ኮርስ የሚደግሙ ጥቂት ልጆች ብቻ ናቸው። እነሱ ቢጋጭባቸው ሌላ የሚጮህላቸው የለም። ስለዚህ ከሌላ ባች ጋር የምትወስዱት ኮርስ ካለ የምትመረምሩት ከእሱ ጀምራችሁ ነው።

የፈተና ፕሮግራም እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ፕሮግራሙ የሚሠራው በባች እንጂ በተማሪ አይደለም። አውጪው ሰው ሦስተኛ ዓመት በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ፈተና እንዳይኖረው ያያል፤ ሁለተኛ ዓመትንም እንደዚሁ። በሁለቱ መካከል የቆመችውን አንዲት ልጅ የሚያሳየው ዓምድ የለም። ስሟ ከነኮርሶቿ ያለው ሬጅስትራር ሲስተም ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚዘጋጀው ደግሞ ሌላ ቦታ፣ ኤክሴል ላይ። ይህን የማነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የሚደግም ተማሪ ግጭቱን ራሱ ካልፈለገው የሚያገኝለት ሰው እንደሌለ እንዲያውቅ ነው።

ከዚያ በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ የራሷን ፕሮግራም ጻፍን። ቁጥር አልጻፍንም። ዕለቱን፣ ከዚያ «ጠዋት» እና «ከሰዓት» የሚሉ ሁለት ዓምዶችን ብቻ።

```
         ጠዋት                ከሰዓት
ሰኞ      ቢዝነስ ሎው           ኦዲቲንግ
ሐሙስ     ታክስ + ስታቲስቲክስ    —
ዓርብ     ሪሰርች ሜቶድ          —
```

ልጅቷ ወረቀቱን አየችና ዝም አለች። ሰኞ ተጋጨ ያለችው ለሁለት ተከፍሎ በየቦታው ገብቷል። ሐሙስ ጠዋት ላይ ግን ሁለት ስም በአንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። «እንዴ፣ ይሄማ ጭራሽ አልታየኝም!» አለች። እውነቷን ነው፤ ወረቀቱ ላይ 2:30 እና 8:30 ተብሎ ተለያይቶ ስለሚታይ ሊታያት አይችልም ነበር። አሰላለፉን እርግጠኛ ለመሆን የሁለተኛ ዓመት የክፍል ተወካይ ዘንድ ደወለች። «ስታት ሐሙስ ጠዋት ነው፤ መምህሩም ክፍል ውስጥ ነግሮናል» አላት። በዚህ ተረጋገጠ።

አሁን መፍትሔው ነው። መጀመሪያ ራሷ ያሰበችው መንገድ አለ። የሰርቪሱን ወረቀት ደግማ አየችና «ይኸው የማኔጅመንት ልጆች ስታቲስቲክስ ከሰዓት ይፈተናሉ፤ ከእነሱ ጋር ልግባ?» አለች። ሐሳቡ ብዙ ተማሪ ይመጣለታል፤ አይሠራም ግን። የኮርሱ ስም አንድ ቢሆንም የማኔጅመንቱ ኮድ የተለየ ነው፤ መምህሩም ሌላ ነው። ፈተናውም የራሱ ነው። አንዳንድ ምዕራፍ ላይሸፈን፣ ሌላ ምዕራፍ ሊጨመር ይችላል። ከሁሉም በላይ እዚያ ገብታ ብትፈተን ውጤቷን የሚመዘግብላት የለም፤ በዚያ ኮድ ስላልተመዘገበች። ስለዚህ ኮርስን የምናወዳድረው በስሙ ሳይሆን በኮዱ ነው። ኮዱም፣ ፈተናውም፣ መምህሩም አንድ ሆኖ በክፍል ጥበት ብቻ ሴክሽኖች ጠዋትና ከሰዓት ቢከፈሉ ኖሮ ሴክሽን መቀየር ይቻል ነበር። የእሷ እንደዚያ አልነበረም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚሞከር መንገድ የኮርሱን መምህር ለብቻ ማነጋገር ነው። መምህሩ ደግ ከሆነ «ችግር የለም፣ ሌላ ቀን እፈትንሻለሁ» ይላል። የቃል ስምምነት ግን የትም አልተመዘገበም። ዕለቱ ሲደርስ የመገኛ ወረቀቱ ላይ «ያልተገኘች» ተብሎ ይሞላል። በአብዛኛው ከፋይናል የቀረ ተማሪ ግሬድ ሳይሞላ ይቀራል፤ በጊዜው በማስረጃ ካልተስተካከለ ደግሞ ወደ ኤፍ ይወርዳል። አንዴ ኤፍ ያገኘችበትን ኮርስ በቃል ስምምነት ማስያዝ አይቻልም። መምህሩን ማነጋገር ግን ጥሩ ነው፤ ደብዳቤው ሲደርሰው ነገሩ አዲስ እንዳይሆንበት።

ስለዚህ ማመልከቻ ጻፍን። የቢሮ ሰው ወረቀቶቹን ሳይፈልግ፣ ሳያሰላ በአንድ ንባብ እንዲገባው ሆኖ መጻፍ አለበት። «ፈተና ስለተጋጨብኝ እንዲስተካከልልኝ» ብቻ የሚል ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ የቱ ከየቱ ጋር እንደተጋጨ ፈልጎ የሚያገኝ የለም። የእሷ ዋናው አንቀጽ ይህን ይመስል ነበር፦

«ሐሙስ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም (ጁን 12፣ 2025) ከጠዋቱ 2:30 እስከ 5:30 በአገር ሰዓት የታክስ ፈተና ከሦስተኛ ዓመት ጋር አለኝ። የሰርቪስ ኮርሶች ፕሮግራም በፈረንጆች ሰዓት 8:30–11:30 ብሎ ያስቀመጠው የሁለተኛ ዓመት ስታቲስቲክስም በዚሁ ዕለት በዚሁ የጠዋት ሰዓት ነው። ስታቲስቲክስን የምወስደው በመድገም ሲሆን በሁለቱም ኮርሶች በሕጋዊ መንገድ የተመዘገብኩ መሆኔን የሚያሳይ ስሊፕ አያይዣለሁ። በዚያው ዕለት ከሰዓት ሌላ ፈተና የለኝም። ዓርብ ጠዋት ግን የሪሰርች ሜቶድ ፈተና አለኝ።»

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ትንሽ ይመስላሉ፤ ሥራውን የሠሩት ግን እነሱ ናቸው። የሚወስነው ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ታዲያ መቼ ትፈተን?» ብሎ ነው። መልሱ ማመልከቻው ላይ ካለ ነገሩ ሁለተኛ ቀጠሮ አያስፈልገውም። ኮርሶቹን ከነኮዳቸው ጻፍን፣ ሁለቱን ረድፎች አስምረን የፕሮግራሞቹን ኮፒ አያያዝን፣ ስሊፑን ጨመርን። ኮፒው አንዱ ለዲፓርትመንቱ፣ አንዱ ለሰርቪስ ኮርሱ ክፍል፣ አንዱ ለራሷ ነው። ማክሰኞ ግንቦት 26 መዝገብ ቤት አስገባችው። የራሷን ኮፒ ቁጥርና ማኅተም አስመታበት፤ በስልኳም ፎቶ አነሳችው።

ማመልከቻው ሲታይ ሌላ ነገር ወጣ። ስታቲስቲክስን የሚደግሙ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች እሷ ብቻ አልነበሩም፤ ሌሎች ሦስትም ነበሩ። ከእነሱ መካከል ግጭቱን ያየ አልነበረም። ሁሉም ያነበቡት እንደ እሷ ነው፤ 2:30 እና 8:30፣ ሰላም ነው። የእሷ ማመልከቻ ባይገባ ኖሮ ሐሙስ ጠዋት አራት ልጆች በአንድ ጊዜ ሁለት ክፍል ይፈለጉ ነበር።

ኮሚቴው የተነጋገረበት ጥያቄ የትኛው ይንቀሳቀስ የሚለው ነው። ታክስን ማንቀሳቀስ ሙሉ ባች ማንቀሳቀስ ነው። የሁለተኛ ዓመት ስታቲስቲክስንም እንደዚሁ። አራቱን ልጆች ማንቀሳቀስ ይቀላል። ጠዋት ታክስን ከባቻቸው ጋር ይፈተኑ፤ ስታቲስቲክስን ከሰዓት 8:30 ላይ ለብቻቸው። ከሰዓት ላይ ማናቸውም ሌላ ፈተና የላቸውም።

እዚህ ላይ ግን አንድ እንቅፋት አለ። የስታቲስቲክሱ ጥያቄ ጠዋት 5:30 ላይ ከሁለተኛ ዓመት ልጆች ጋር ከክፍል ይወጣል። እስከ 8:30 ሦስት ሰዓት አለ። ዶርም ውስጥ፣ ምሳ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ ጥያቄው ይዞራል። ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው። አንዱ አራቱ ልጆች ታክስን እንደጨረሱ ስልካቸውን አስረክበው ምሳቸውን ከተቆጣጣሪ ጋር በልተው ማንንም ሳያገኙ እስከ 8:30 መቆየት ነው። እንግሊዝ አገር የኤ ሌቭል ፈተናዎች ሲጋጩ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ተፈታኙ በሁለቱ ፈተናዎች መካከል በክትትል ሥር ይቆያል። በአንድ ቀን የሚቀመጥበት ጊዜ ተደምሮ ከ6 ሰዓት ከበለጠ አንዱ ለማግስቱ ጠዋት ሊተላለፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌሊቱንም ከጥያቄው ርቆ እንዲያድር በኃላፊነት የሚጠብቀው አዋቂ ያስፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ ሌላ ጥያቄ ማዘጋጀት ነው። የስታቲስቲክሱ መምህር ይህን መረጠ። ቁጥሮቹንና የጥያቄዎቹን አቀራረብ ቀይሮ፣ ክብደቱን ሳይቀይር፣ ሁለተኛ ፈተና አወጣ። ለመምህሩ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ለልጆቹ ግን በመሀል እረፍት አግኝተው ምሳቸውን በሰላም እንዲበሉ አስችሏል። እኔ ብሆንም ይህን እመርጥ ነበር።

ዓርብ ይሁን የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። የእሷ ማመልከቻ ዓርብ ጠዋት ሪሰርች ሜቶድ አለ ስለሚል ሐሳቡ ወዲያው ወደቀ።

ሁለት ፈተና በአንድ ቀን ሲሆን የሚታየው የሚጀምርበት ሰዓት ብቻ አይደለም። የእሷ ታክስ 5:30 ያልቃል፣ ስታቲስቲክሱ 8:30 ይጀምራል፤ ሰፊ ጊዜ ነው። ነገር ግን አንዱ 4:30 አልቆ ሌላው 5:00 የሚጀምር ቢሆንና ክፍሎቹ በተለያየ ግቢ ቢሆኑ ነገሩ ሌላ ነው። የጅማን የሰኔ ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መንገዱ ሲጨቀይ ባጃጅ በቀላሉ አይገኝም። ፈታኙ ደግሞ መታወቂያ አይቶ ለማስቀመጥ ቀደም ብሎ ይጠራል። እንዲህ ያለው ወረቀት ላይ አልተጋጨም፤ መሬት ላይ ግን ተጋጭቷል። ስለዚህ የራሳችሁን ፕሮግራም ስትጽፉ የክፍሉን ቁጥርና ግቢውንም ጻፉ። ክፍተቱ ከአንድ ሰዓት ካነሰና ግቢው ከተለያየ እንደ ግጭት ቆጥራችሁ አመልክቱ።

የማስተካከያ ማስታወቂያው ሐሙስ ግንቦት 28 ወጣ፤ ቢሮው ለአረፋ ከመዘጋቱ በፊት። በአገር ሰዓትና በፈረንጆች ሰዓት ጎን ለጎን ተጽፎ ነበር። አራቱ ልጆች በመታወቂያ ቁጥራቸው ተዘርዝረዋል፣ የከሰዓቱ ክፍል ተጠቅሷል። ልጅቷ ይህንንም ፎቶ አነሳች።

ማስታወቂያ ከወጣ በኋላም የሚቀር ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም እሱን ነው። የጠዋቱ የስታቲስቲክስ የመገኛ ወረቀት ቀድሞ ታትሟል፤ የአራቱ ልጆች ስም አለበት። ጠዋት ስለማይመጡ ከስማቸው ትይዩ «አልተገኙም» ተብሎ ይሞላል። የከሰዓቱ ክፍል ደግሞ ስም ዝርዝር የለውም፤ ተቆጣጣሪው ባዶ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ልጅቷን ያልኳት፣ ረቡዕ ዕለት የስታቲስቲክሱን መምህር አግኝተሽ የጠዋቱ ዝርዝር ላይ ከስማችሁ ጎን «ከሰዓት» ተብሎ እንዲጻፍ፣ ለከሰዓቱም የአራታችሁ ስም ያለበት የመገኛ ወረቀት እንዲዘጋጅ ጠይቂ ነው። ጠየቀች፤ መምህሩ በእጁ ጻፈው። ሐሙስ ጠዋት ታክስን ከባቿ ጋር ተፈተነች። ከሰዓት 8:30 ላይ ከሦስቱ ልጆች ጋር ገብታ አዲሱ የመገኛ ወረቀት ላይ ፈረመች። ፈተናውን ስታስረክብም ሽፋኑ ላይ የኮርሱን ኮድ፣ የራሷን ባችና «የሚደግም» የሚለውን ጻፈች፤ መልሷ ከማኔጅመንቶቹ ጥቅል ጋር እንዳይቀላቀል። የስታቲስቲክስ ግሬዷ ከሁለተኛ ዓመቶቹ ጋር በአንድ ቀን ወጣ።